በቀኝ ክንድ 196፣ በግራ ክንድ 124

ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የ23 ዓመት ሴት ከአማቷ ጋር ወደ ተመላላሽ ክፍሌ ገባች። የመጡት ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው፤ ሌሊት በእግር ተነሥተው፣ ከመኪና መንገድ ሲደርሱ ተሳፍረው፣ ረፋድ ላይ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደምሠራበት ሆስፒታል ደረሱ። አማቲቱ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፌስታል ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። በውስጡ የሁለት ዓመት ወረቀት ነበር፦ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ጫፉ የተጨማደደ የክትትል ደብተር። በዚያን ቀን ያን ፌስታል በሙሉ አላየሁትም። ማየት ነበረብኝ፤ ከመልሱ ግማሹ በዚያ ውስጥ ነበርና።

ልጅቱ የምትለው ራስ ምታት ነው። ከማጅራቷ ተነሥቶ ወደ ግንባሯ የሚመጣ፣ ጠዋት የሚብስ። ከሰባት ወር በፊት የሰባት ወር ፅንስ ጠፍቶባታል። ያን ጊዜ የደም ግፊቷ ከፍተኛ ስለነበር በእርግዝና ምክንያት የመጣ ነው ተብላ፣ ስትወልድ እንደሚተዋት ተነግሯት ወደ ቤቷ ሄዳለች። አልተዋትም። በአቅራቢያዋ ያለ ጤና ጣቢያ በቀን 10 ሚሊ ግራም አምሎዲፒንና 25 ሚሊ ግራም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጀምሮላታል።

ደብተሩን ገለጥሁት። 188 በ110። 118 በ76። 190 በ114። 122 በ80። አሁንም 186 በ112። አንድ ሰው ግፊቱ በሳምንት ልዩነት በ70 ነጥብ ሲወጣና ሲወርድ ብዙዎቻችን የምናስበው ሁለት ነገር ነው፦ ወይ መድኃኒቱን ቀን እየዘለለ ይወስዳል፣ ወይ ሐኪም ሲያይ ይደነግጣል። እኔም ያሰብሁት ይህንኑ ነው። መድኃኒት ዘልላ እንደሆነ ስጠይቃት «አንድም ቀን አልዘለልሁም ዶክተር» አለች። አማቷም «እኔ ነኝ ቆሜ የማስውጣት» ብለው አረጋገጡ። አላመንኋቸውም። ይህን የምጽፈው እያፈርሁበት ነው።

በቀኝ ክንዷ ለካሁ፤ 192 በ116። ደም አስመረመርሁ። ኩላሊት ማጣራቱ ሲቀንስ ከፍ የሚለው ክሬአቲኒን 0.8፣ ፖታሲየም 3.1 መጣ። የጤናማ ሰው ፖታሲየም ከ3.5 በታች አይወርድምና የእሷ ዝቅተኛ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሽንት ፖታሲየም የሚያስወጣ መድኃኒት ስለሆነ ጥፋቱን በእሱ ላይ ጣልሁ። እሱን አቋርጬ፣ የእርግዝና ምርመራዋ ነፃ መሆኑንና የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ላይ መሆኗን አይቼ፣ በምትኩ በቀን 5 ሚሊ ግራም ኢናላፕሪል ጨመርሁ። ኢናላፕሪል ለፅንስ አደገኛ ስለሆነ ልጅ መውለድ ለምትችል ሴት ያን ሳይጠይቁ ማዘዝ አይገባም፤ ቢያንስ ይህን አልዘነጋሁም። በሁለት ሳምንት ተመልሳ ኩላሊቷ እንዲታይ ቀጠርኋት።

በሁለተኛው ቀጠሮ የመጣው ውጤት አስደነገጠኝ። ፖታሲየሟ ወደ 4.0 ተመልሷል፤ ክሬአቲኒኗ ግን ከ0.8 ወደ 1.3 ወጥቷል። ግፊቷ በቀኝ ክንድ 164 በ102 ነው። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ ሲጀመሩ ክሬአቲኒን ትንሽ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ እስከ 30 በመቶ ያለውን ጭማሪ እየተከታተልን እናልፈዋለን። የእሷ ከ60 በመቶ በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ጭማሪ በጥርጣሬ ሊያዝ ይገባል፤ ምክንያቱን ለመረዳት ኩላሊት ደምን እንዴት እንደሚያጣራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የኩላሊት ማጣሪያ የሚሠራው በግፊት ነው። ደም በአንድ ቀጭን ቧንቧ ይገባል፣ በሌላ ቀጭን ቧንቧ ይወጣል፤ በመሐሉ ያለው ግፊት ነው ሽንትን የሚያጣራው። ወደ ኩላሊት የሚወስደው ትልቁ ደም ቅዳ ከጠበበ የሚገባው ደም ያንሳል፤ ያን ጊዜ አንጂዮቴንሲን የሚባለው ንጥረ ነገር የመውጫውን ቧንቧ ጨብጦ በማጥበብ በውስጥ ያለው ግፊት እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን እንዳይሠራ ያደርጋል። ጨብጦ የያዘው እጅ ሲለቀቅ ግፊቱ ይወርዳል፣ ማጣራቱም ይቀንሳል። እንግዲህ መድኃኒቱ ኩላሊቱን አልጎዳውም፤ ኩላሊቱ በምን ተደግፎ ቆሞ እንደነበር ገለጠብን እንጂ።

መድኃኒቱን በዚያው ቀን አቆምሁ። ከዚያም ፌስታሉን ከእማማ ተቀብዬ ወረቀቱን አንድ በአንድ መዘርጋት ጀመርሁ።

ፅንሱ በጠፋባት ጊዜ የተሠራ የደም ውጤት አገኘሁ። ፖታሲየም 3.0 ይላል። ያን ጊዜ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ገና አልተጀመረላትም። እንግዲህ ፖታሲየሟ የወረደው በመድኃኒቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ምናልባት አባብሶት ይሆናል እንጂ ከእሱም በፊት ዝቅተኛ ነበር። ትውከትና ተቅማጥ እንደነበራት ጠየቅሁ፤ አልነበራትም። ሆድ የሚያስቀምጥ የባህል መድኃኒትም አልወሰደችም።

አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ሐኪም ወረቀቱን አይቶ ወዲያው «ይህ አልዶስተሮን ነው» አለኝ። ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር፤ ማንም በደንብ የተማረ ሐኪም ሊለው የሚገባውን ነው ያለው። አልዶስተሮን ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ሥራው ኩላሊት ጨውን እንዲያስቀርና ፖታሲየምን በሽንት እንዲያስወጣ ማዘዝ ነው። ሲበዛ ግፊት ይወጣል፣ ፖታሲየም ይወርዳል። ወጣት፣ ከፍተኛ ግፊት፣ ዝቅተኛ ፖታሲየም፤ ሦስቱ ሲገጥሙ አልዶስተሮንን አለማሰብ ስሕተት ነው።

ጥያቄው ግን አልዶስተሮን በዝቷል ወይስ አልበዛም አይደለም። አዛዡ ማን ነው የሚለው ነው። አንደኛው መንገድ ዕጢው ራሱ አብጦ ወይም በራሱ ፈቃድ ያለማንም ትእዛዝ ሲያመነጭ ነው። ይህን አሜሪካዊው ሐኪም ጀሮም ኮን በ1950ዎቹ አጋማሽ ስለ ገለጠው በስሙ ይጠራል። ሁለተኛው መንገድ ዕጢው ጤነኛ ሆኖ ከኩላሊት በሚመጣ ትእዛዝ ሲገፋ ነው። የኩላሊት ደም ቅዳ ሲጠብ የሚሆነው ይህ ነው። ሃሪ ጎልድብላት በ1934 የውሾችን የኩላሊት ደም ቅዳ በመቆንጠጫ አጥብቦ የመላ ሰውነታቸው ግፊት ሲወጣ አሳይቷል።

ለእማማ በኋላ ያስረዳሁበትን መንገድ እዚህ ልድገመው፤ ከእኔ ቃላት ይልቅ እሳቸው የተሻለ የያዙት እሱን ነው። ከአንድ ወንዝ የተጠለፈ መስኖ አለ እንበል። ከታች ያለው ገበሬ ውኃው ቀጭን ብሎ ሲመጣበት ወንዙ የደረቀ ይመስለዋል። የደረቀው ወንዙ አይደለም፤ ከላይ ቦዩ ላይ ድንጋይ ተንከባልሎ ዘግቶት ነው። ገበሬው ግን ይህን አያይምና «ውኃ ጨምሩ» እያለ ይጮኻል። የጠበበው ኩላሊትም እንዲሁ ነው። ሰውነቱ ደም የፈሰሰው ይመስለዋል፤ ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ሬኒን አንጂዮቴንሲንን ያስነሣል፤ እሱም ቧንቧዎችን ያጠብባል፣ አድሬናልንም አልዶስተሮን እንዲያመነጭ ያዛል። የቀረው ሰውነት በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ያ ገበሬ አሁንም ይጮኻል። እማማ ራሳቸውን ነቅንቀው «ድንጋዩን ማንሣት ነዋ» አሉ።

ስለዚህ ሁለቱን የሚለየው ሬኒን ነው። ዕጢው በራሱ ፈቃድ የሚያመነጭ ከሆነ በተትረፈረፈው ጨውና ግፊት ምክንያት ኩላሊት ሬኒኑን ዘግቶ ይቀመጣል፤ አልዶስተሮን ከፍ፣ ሬኒን ዝቅ ይላል። የኩላሊት ደም ቅዳ ጠብቦ ከሆነ ሁለቱም ከፍ ይላሉ። ወጣቱ ሐኪም ደሙን ለሁለቱ ምርመራዎች ወደ አዲስ አበባ እንላክ አለ። ምርመራው ውድ ነው። ቤተሰቡ ያላቸው ሁለት በሬና ጥቂት በግ ነው። ከመላካችን በፊት በእጃችንና በጆሯችን የምናውቀውን እንጨርስ አልሁት።

ልጅቱን እንደ አዲስ ጠየቅኋት። ስለ ራስ ምታቱ ሳይሆን ስለ ሥራዋ። ምን ትሠሪያለሽ፣ ምን ያደክምሻል? ውኃ መቅዳት እንደማያስቸግራት፣ ዳገት እንደምትወጣ ነገረችኝ። ከዚያ አማቷን ቀና ብላ አይታ «መፍተል አቅቶኛል» አለች። ባዘቶውን ከፍ አድርጋ የምትይዝበት ግራ እጇ ጥቂት እንደፈተለች ይዝላል፤ ታወርደዋለች፤ ሲያርፍ ይመለሳል። የልጇን ፀጉር ስትሠራም እንዲሁ። «መጋኛ መትቷት ነው ብለን ጸበል ወስደናታል» አሉ እማማ። ሲሠሩ የሚዝል፣ ሲያርፉ የሚመለስ፣ ደግሞም በአንድ ወገን ብቻ የሆነ ድካም የደም እጥረት ምልክት ነው፤ እግር ላይ ቢሆን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ክንድ ላይ ሲሆን ግን የሚጠይቅ የለም።

ሌላም ነገር ወጣ። ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት፣ ከሁለተኛው እርግዝና በፊት፣ ለሦስት ወር ያህል ማታ ማታ ትተኩስ ነበር። ክብደቷ ቀንሷል፣ መጋጠሚያዋን ያማት ነበር። በታይፎይድ ሁለት ጊዜ፣ በወባ አንድ ጊዜ ታክማለች፤ ሳንባ ነቀርሳም ተጠርጥሮ አክታዋ ነፃ ሆኗል። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

የሁለቱን እጆቿን ምት በአንድ ጊዜ ያዝሁ። ቀኙ ይዘላል። ግራው እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ጣቴን አላልቼ ካልያዝሁት ይጠፋል። የግፊት መለኪያውን በቀኝ ክንዷ አሠርሁ፤ 196 በ118። በግራው አሠርሁ፤ 124 በ82።

ደብተሩን መልሼ አነሣሁ። «ጤና ጣቢያ ሲለኩሽ በየትኛው እጅሽ ነው?» አልኋት። አሰበች። ከመድኃኒት መስጫው ክፍል ወንበሩ በስተግራ ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ስለሚቀመጥ በግራው፣ ከእናቶች ክፍል ደግሞ በቀኙ። ደብተሩ ላይ ያለው ከፍታና ዝቅታ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ትርጉም አገኘ። ግፊቷ አንድም ቀን አልወረደም ነበር። የግራው ክንድ ደም ቅዳ ስለጠበበ ከጥበቱ በታች የሚደርሰው ግፊት ብቻ ነው 120 የሚያሳየው፤ አንጎሏ፣ ልቧና ኩላሊቷ የሚሸከሙት ቀኙን ነበር። ልጅቱ መድኃኒቷን እንዳልዘለለች መናገሯ እውነት ነበር፤ እኔ ነኝ የተሳሳትሁት። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ሁለቱ ክንዶች መካከል እስከ 10 የሚደርስ ልዩነት በጤነኛም ሰው ላይ ይገኛል። ከ15 በላይ ሲሆንና ደግመው ሲለኩት ሲጸና መመርመር አለበት፤ 72 ለጥርጣሬም ቦታ የለውም። ከዚያ በኋላ ግፊቷ የሚለካው ሁልጊዜ በከፍተኛው ክንድ ነው። ሁለቱም ክንዶች ጠብበው ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ይዋሻሉ፤ ያን ጊዜ በሰፊ ማሠሪያ ጭን ላይ መለካት ያስፈልጋል። እኛም ለካን፤ የጭኗ ግፊት ከቀኝ ክንዷ እምብዛም አይለይም። የብሽሽቷ ምትም ጠንካራና ከእጇ ምት ጋር እኩል የሚመጣ ነው። ይህ በወጣቶች ላይ ሊረሳ የማይገባውን፣ ከልደት ጀምሮ የሚኖረውን የዋናውን ደም ቅዳ መጥበብ አራቀልን።

ከዚያ ማዳመጫውን አነሣሁ። ከአንገቷ ሥር፣ ከግራው አግድም አጥንት በላይ እንደ ንፋስ የሚነፋ ድምፅ አለ። ሆዷ ላይ፣ ከእምብርቷ ከፍ ብሎ ወደ ግራ ደግሞ ሌላ። ሆድ ላይ የሚሰማ አጭር ድምፅ በቀጫጭን ወጣቶች ላይ በሽታ ሳይኖርም ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ድምፁ መኖሩ ብቻ አይበቃም። የእሷ ግን ልብ ሲኮማተር ጀምሮ ልብ ሲያርፍም ይቀጥል ነበር። እንዲህ ሁለቱንም ጊዜ የሚይዝ ድምፅ የኩላሊት ደም ቅዳ መጥበብን ይበልጥ ይመሰክራል። ለማዳመጥ ክፍሉን ጸጥ ማሰኘት፣ በባዶ ሆድ ቢሆን መልካም ነው፣ ሆዱን ማላላት፣ ማዳመጫውን ጫን ሳያደርጉ ማስቀመጥና ሙሉ አንድ ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ያን አንድ ደቂቃ አልሰጠኋትም ነበር።

አልትራሳውንዱ የቀረውን ጨመረ። ቀኝ ኩላሊቷ 10.6 ሴንቲ ሜትር፣ ግራው 8.2። ሁለቱ ኩላሊቶች ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲለያዩ ትንሹ ደም እያጠረው እንደሆነ ማሰብ ይገባል፤ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፣ ለምሳሌ በልጅነት የደረሰ ኢንፌክሽን ያጠባበሰው ኩላሊት። በሰውነት ውስጥ ቁጣ ሲኖር ከፍ የሚለው የደም ምርመራ፣ ኢ ኤስ አር፣ በሰዓት 74 ሚሊ ሜትር መጣ። ሽንቷ ውስጥ ጥቂት ፕሮቲን አለ፣ ደም የለም። በወጣቶች ላይ ግፊት ከሌላ በሽታ ሲመጣ ከሁሉ የሚበዛው መንስኤ የኩላሊት የራሱ በሽታ ስለሆነ ሽንት ሳይታይ ወደ ሌላ መሄድ የለበትም፤ እዚህ ግን ሽንቱ ወደዚያ አላመለከተንም።

ወጣቱ ባልደረባዬ አሁን ሬኒን እንላክ አላለም። ሁለት ቦታ የሚሰማ ድምፅ፣ የጠፋ ምት፣ ያነሰ ኩላሊት፣ በኢናላፕሪል የወጣ ክሬአቲኒን፣ ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ ትኩሳት፤ ሬኒኑ ከፍ ቢልም ባይልም ቀጣዩ እርምጃችን አይለወጥም። ያለው ገንዘብ ለደም ቧንቧ ሲቲ ስካን ይዋል አልን። ለሲቲው የሚወጋው መድኃኒት ኩላሊትን ስለሚከብድ ክሬአቲኒኗ እስኪመለስ ጠበቅን። ኢናላፕሪል በቆመ በአሥረኛው ቀን 0.8 ሆነ። በዚያ መሐል ግፊቷን በአምሎዲፒንና በሜቶፕሮሎል ያዝነው፤ ሜቶፕሮሎልን የመረጥሁት ኩላሊት ሬኒን እንዳይለቅ በጥቂቱም ቢሆን ስለሚገታ ነው።

መጋቢት ላይ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ሄዱ። የሲቲው ውጤት እንዲህ ነበር፦ የግራ ክንድ ደም ቅዳ ረጅምና ለስላሳ በሆነ መልኩ ጠብቧል። የሆድ ዋናው ደም ቅዳ ግድግዳ ወፍሯል። የግራ ኩላሊት ደም ቅዳ ከመነሻው ላይ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል፤ የቀኙም መነሻው ላይ መጠነኛ ጥበት አለው። አድሬናል ዕጢዎቿ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ክሬአቲኒኗ ለምን ያን ያህል እንደወጣም ይህ አስረዳን፤ አንዱ ኩላሊት ብቻ ጠብቦ ሌላው ፍጹም ጤነኛ ቢሆን ጤነኛው ይሸፍንለት ነበር።

በሽታው ታካያሱ ይባላል። ስሙ በ1908 በአንዲት ወጣት ሴት ዐይን ውስጥ ያየውን እንግዳ የደም ሥር ለውጥ ከገለጠው ጃፓናዊ የዐይን ሐኪም የመጣ ነው። የሰውነት መከላከያ ዋናውን ደም ቅዳና ትላልቅ ቅርንጫፎቹን ያቆጣቸዋል፤ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ውስጣቸው ይጠባል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የመጋጠሚያ ሕመም ይመጣል፤ በዚያ ደረጃ ከታይፎይድና ከሳንባ ነቀርሳ መለየት ከባድ ነው። ያ ያልፍና ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ምት የጠፋበት እጅ ይቀራል። ሕንድ ውስጥ በወጣቶች ላይ የኩላሊት ደም ቅዳ ጥበት ሲገኝ በቀዳሚነት የሚታሰበው ይህ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ መጻሕፍት ለወጣት ሴት በመጀመሪያ የሚጠሩት ሌላ በሽታ ነው፤ ቁጣ የሌለው፣ የደም ቅዳውን መካከልና ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የሚያስመስል። እሱ ብዙ ጊዜ መነሻውን አይነካም፣ ኢ ኤስ አርንም ከፍ አያደርግም። መለየቱ ቁም ነገር ነው፤ ያ ደም ቅዳው ውስጥ ገብቶ በሚነፋ ፊኛ ብቻ ሲከፈት ብዙ ጊዜ መልካም ውጤት ይሰጣል፣ ይህ ግን ቁጣው ሳይበርድ ከተነካ መልሶ ይጠባል።

ስለዚህ እማማ እንዳሉት ድንጋዩን ወዲያው ማንሣት አልተቻለም። መጀመሪያ ቁጣውን ማብረድ ነበረብን። ክብደቷ 46 ኪሎ ነበርና በቀን 45 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ጀመርን፤ ከዚያ በፊት ግን በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ነገር ሠራን። የደረት ራጅና አክታ በድጋሚ አየን፤ ፕሬድኒሶሎን የተኛ ሳንባ ነቀርሳን ይቀሰቅሳልና። ለአንጀት ትልም አይቨርሜክቲን ሰጠናት። በእርሻ መሬት ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ስትሮንጂሎይደስ የሚባለውን ትል ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ትል ያለ ምልክት ለዓመታት ተቀምጦ ፕሬድኒሶሎን ሲገባ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ይገድላል። የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ስለሚያመልጠው ነፃ ነው ቢባልም አክሜ ማለፍን እመርጣለሁ። ፕሬድኒሶሎኑን ቀስ በቀስ ለመቀነስ እንዲረዳ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ሜቶትሬክሴት ተጨመረ። በሳምንት አንድ ቀን የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገምኋቸው፤ እማማ ሐሙስን መረጡ፣ የገበያ ቀናቸው ስለሆነ አይረሱትም። በስሕተት በየቀኑ የተወሰደ ሜቶትሬክሴት መቅኒን ያጠፋል።

ኢ ኤስ አር በሦስት ወር ወደ 18 ወረደ። በዚህ ቁጥር ብቻ አልተማመንሁም፤ በታካያሱ ግድግዳው ውስጥ ቁጣ እያለም ኢ ኤስ አር ልከኛ ሊሆን ይችላል። የምጠይቃት ስለ ትኩሳት፣ ስለ አዲስ የክንድ ወይም የእግር ድካም፣ ስለ አንገት ሕመም ነበር፤ ምቷንም በእያንዳንዱ ቀጠሮ በአራቱም ዳርቻ እዳስሳለሁ። ክረምቱን እንዲህ አለፍን። መስከረም ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በብሽሽቷ በኩል በገባ ቀጭን ቱቦ የግራ ኩላሊቷ ደም ቅዳ በፊኛ ተከፈተ። ቀኙ አልተነካም። ክንዷም አልተነካም፤ አካሏ በራሱ ጊዜ በአካባቢው ትንንሽ ቧንቧዎችን እያሰፋ ስለሚያግዛት፣ መፍተሉም እየተመለሰላት ስለነበር።

በፊኛው ማግስት ግፊቷ በቀኝ ክንድ 150 በ92 ነበር፤ በስድስተኛው ሳምንት 134 በ84፣ አምሎዲፒን ብቻ ቀርቶላት። ፖታሲየሟ ያለ ምንም ተጨማሪ 4.2 ነው። አድሬናሏን ሳንነካ አልዶስተሮኑ ወደ ልኩ ተመለሰ ማለት ነው፤ የሚጮኸው ገበሬ ዝም ሲል የታዘዘውም ዝም አለ።

ወጣቱ ባልደረባዬ ግን የተናገረው ባዶ አልቀረም። በዚያው ዓመት ከፍኖተ ሰላም በኩል አንድ የ31 ዓመት መምህር መጣ፤ በሦስት መድኃኒት ያልበረደ 170 በ108፣ ፖታሲየሙ 2.6፣ ሌሊት እግሩን የሚያሥረው ቁርጠት። ሁለቱን ክንዶቹን ለካን፤ እኩል ናቸው። ሆዱን አዳመጥን፤ ጸጥ ያለ ነው። ኩላሊቶቹ እኩል ናቸው፤ ኢናላፕሪል ወስዶ ክሬአቲኒኑ አልተነካም። ለዚህ ሰው ገንዘቡ ለሬኒንና ለአልዶስተሮን ይዋል አልን። ፖታሲየም ዝቅ እያለ የተለካ አልዶስተሮን በሐሰት ዝቅ ይላልና አስቀድመን ፖታሲየሙን ሞላን፤ የሚወስደውን ስፓይሮኖላክቶን አራት ሳምንት አስቆምን፤ ጨው እንዳይቀንስ ነገርነው፤ ደሙን ጠዋት ተነሥቶ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ ተቀምጦ ቀዳነው። አልዶስተሮን 38 ናኖግራም በዴሲ ሊትር፣ ሬኒን ሊለካ እስከማይችል ዝቅ ያለ። ሲቲው በግራ አድሬናሉ ላይ 1.7 ሴንቲ ሜትር ዕብጠት አሳየ።

እዚህ ላይ ወጣትነቱ ረዳው። በዕድሜ የገፋ ሰው አድሬናል ላይ ምንም የማያመነጭ ዕብጠት ስለሚበዛ በሲቲ የታየው ዕብጠት ጥፋተኛው ነው ማለት አይቻልም፤ ከሁለቱ አድሬናሎች ደም መልስ በየተራ ደም ቀድቶ ማመሳከር ያስፈልጋል፣ እሱም ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚችሉት አስቸጋሪ ሥራ ነው። ከ35 ዓመት በታች ላለ፣ በራሱ ፖታሲየሙ ለወረደ፣ አልዶስተሮኑ ከ30 ለበለጠና በአንዱ ወገን ብቻ ግልጽ ዕብጠት ለታየበት ሰው ግን ያን ዘልሎ ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ ይቻላል። አድሬናሉ ወጥቶ በሳምንቱ ፖታሲየሙ ልከኛ ሆነ። ግፊቱ በአንድ መድኃኒት ተይዟል።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። ባለፈው ቀጠሮ የመጣችው ብቻዋን ነው። አዲሱ ደብተሯ ሽፋን ላይ በቀይ ስክሪብቶ «በቀኝ ክንድ ብቻ ይለካ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ በውስጡ እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ «ቀኝ» የሚል ቃል በተለያየ እጅ ጽሕፈት ተጽፏል። ቁጥሮቹ ከ128 እስከ 140 ናቸው። ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ አለችኝ። ሜቶትሬክሴቱ ከመፀነሷ በፊት ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድሞ መቆም አለበት፤ በአዛታዮፕሪን ለውጠነዋል። የወሊድ መከላከያ መርፌዋን እስከዚያ ቀጥላለች። ቀኝ ኩላሊቷን በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ እንለካለን፣ ግራው መልሶ ከጠበበ ግፊቷ አስቀድሞ ይነግረናል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ግንቦት ላይ ነው።